የሽያጭ ሥራዬን በሲቪ ላይ የጻፍኩበት መንገድ፦ ዕቅድ፣ ገቢና የደንበኛ ቆይታ

የሽያጭ ሠራተኞች ሲቪ ቁጥር ይበዛበታል። «ገቢን በ20 በመቶ አሳድጌያለሁ»፣ «ዕቅዴን 107 በመቶ አሳክቻለሁ»፣ «የደንበኞችን ቆይታ አሻሽያለሁ» የሚሉ መስመሮች በብዛት ይገኛሉ። ቀጣሪው ግን ቁጥሩን አይቶ አያበቃም፤ ከስንት ተነሥቶ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ በማን ሥራ እንደተገኘ ይጠይቃል። እኔም ሥራ ስቀይር እነዚህን ጥያቄዎች ተጠይቄያለሁ፤ አሁን ደግሞ የሽያጭ ባለሙያዎችን ለመቅጠር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ላይ ስቀመጥ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ። ስለዚህ የአንድ ዓመት ሥራዬን ወደ አራት ነጥብ የቀየርኩበትን መንገድ ከነስሌቱ አቀርባለሁ። የገንዘቡ ዓይነት በስሌቱ ላይ ለውጥ ስለማያመጣ ቁጥሩን ብቻ እጽፋለሁ።

የሠራሁበት ድርጅት ለመሥሪያ ቤቶች የፎቶ ኮፒ ማሽንና የፕሪንተር ጥገና እንዲሁም የቀለም አቅርቦት በውል ይሸጥ ነበር። ውሎቹ በአብዛኛው ለአንድ ዓመት፣ አንዳንዶቹም ለሁለት ዓመት የሚፈረሙ ናቸው። የእኔ ሥራ ሁለት መልክ ነበረው፤ አዲስ ደንበኛ ማምጣት፣ የተረከብኳቸውን ደንበኞች ደግሞ እንዳይለቁ ማድረግ። ዓመቱ ሲጀምር በስሜ የተመዘገቡት ደንበኞች 80 ነበሩ፤ የውሎቻቸው ዓመታዊ ዋጋ ሲደመር 20 ሚሊዮን ይሆናል። ዓመቱ ሲያበቃ በስሜ ያሉት ውሎች ዓመታዊ ዋጋ 24 ሚሊዮን ደርሶ ነበር።

«ገቢን በ20 በመቶ አሳድጌያለሁ» የሚለው መስመር የሚወለደው ከዚህ ነው። ስሌቱ ስሕተት የለበትም፤ ከ20 ሚሊዮን ወደ 24 ሚሊዮን 20 በመቶ ዕድገት ነው። ነገር ግን ይህ መስመር ብቻውን ቢቀመጥ ለአንባቢው የሚነግረው ጥቂት ነው። 4 ሚሊዮኑ ከአዲስ ደንበኞች መጣ ወይስ ከነባሮቹ? ከነባሮቹ ስንቱ ለቀቁ? ድርጅቱ ዋጋ ጨምሮ ይሆን? ከዚያም በላይ «ገቢ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ አይገባም፤ 24 ሚሊዮኑ የተፈረሙ ውሎች ዓመታዊ ዋጋ እንጂ ድርጅቱ በዚያ ዓመት ያገኘው ገቢ አይደለም።

ይህን ልዩነት ጠበቅ አድርጌ ልናገር፤ በቃለ መጠይቅ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ስለሆነ። አንድ ሽያጭ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች አሉት። የመጀመሪያው የተፈረመው ውል ዋጋ ነው። ሁለተኛው ድርጅቱ አገልግሎቱን ስለሰጠ በሒሳብ መዝገቡ ላይ እንደ ገቢ የያዘው ነው። ሦስተኛው ደንበኛው የከፈለው፣ ወደ ባንክ የገባው ገንዘብ ነው። በዓመቱ 15 አዳዲስ ደንበኞች አስፈርሜ ነበር፤ የውሎቻቸው ዓመታዊ ዋጋ 3.6 ሚሊዮን ነው። ይሁን እንጂ በአሥረኛው ወር የተፈረመ የአንድ ዓመት ውል በዚያው ዓመት ውስጥ የሚያስገኘው ገቢ የጥቂት ወራት ብቻ ነው። ክፍያውም በየሦስት ወሩ ስለሚፈጸም ከእነዚህ ውሎች እስከ ዓመቱ መጨረሻ የተሰበሰበው ከ3.6 ሚሊዮን በእጅጉ ያነሰ ነበር። «የ3.6 ሚሊዮን ገቢ አስገኘሁ» ብዬ ብጽፍና የቀድሞ ድርጅቴ የሒሳብ ክፍል ቢጠየቅ ቁጥሩን አያገኘውም። «ዓመታዊ ዋጋቸው 3.6 ሚሊዮን የሆነ ውሎች አስፈረምኩ» ብል ግን ያው ቁጥር በቦታው ይቆማል።

የሁለት ዓመት ውሎችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው። የሁለቱን ዓመት ዋጋ ደምሮ በአንድ ዓመት ሽያጭ ውስጥ ማስገባት ቁጥሩን ያሳብጠዋል። እኔ ሁሉንም ወደ አንድ ዓመት ዋጋ አምጥቼ፣ «ዓመታዊ ዋጋ» ብዬ ሰየምኩት። ታክስንም አላካተትኩም፤ ታክስ የድርጅቱ ገንዘብ ስላልሆነ ከሽያጭ ጋር መደመር የለበትም።

ከ3.6 ሚሊዮኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ውል ነበረ። ዓመታዊ ዋጋው 1.8 ሚሊዮን ሲሆን፣ ከሌላ የሽያጭ ባለሙያ ጋር አብረን የሠራነው ነው። ደንበኛውን ያገኘው እርሱ፣ ድርድሩን የጨረስኩት እኔ ነበርኩ፤ በኮሚሽን ደንቡ መሠረትም ለእያንዳንዳችን ግማሹ ተመዘገበልን። በ3.6 ሚሊዮኑ ውስጥ የቆጠርኩትም 0.9 ሚሊዮኑን ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው «በድርድሩ ላይ ዋናው እኔ ነበርኩ» ብሎ ሙሉውን ሊወስድ ይፈልግ ይሆናል። እኔ የምከተለው መለኪያ ቀላል ነው፤ ድርጅቱ ኮሚሽን የከፈለኝ በምን ያህሉ ላይ ነው? ክርክር ቢነሣ ማስረጃ የሚሆነው እርሱ ነው። ባልደረባዬም ሲቪውን ሲጽፍ ሙሉውን ቢያስገባ፣ ሁለታችንም በአንድ ቀጣሪ ፊት ብንቀርብ አንዱ ውል ሁለት ጊዜ ይቆጠር ነበር። ሙያው የሚገናኝበት ሜዳ ጠባብ ስለሆነ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

ወደ ዕቅዱ ልሂድ። የዓመቱ ዕቅዴ የሚለካው ከአዲስ ደንበኞች በተፈረመ ውልና ነባር ደንበኞች በጨመሩት አገልግሎት ድምር ነበር፤ መደበኛ የውል እድሳት አይቆጠርበትም። ሲጀመር የተሰጠኝ 6.4 ሚሊዮን ነው። ዓመቱ ሲጋመስ፣ ገና ደንበኛ ያልነበረበት አንድ የሽያጭ ክልል ከእኔ ተወስዶ ለአዲስ ባልደረባ ተሰጠ፤ ዕቅዴም በጽሑፍ ወደ 5.6 ሚሊዮን ዝቅ አለ። ያስመዘገብኩት ደግሞ ከአዲስ ደንበኞች 3.6፣ ከነባሮቹ ጭማሪ 2.4፣ በድምሩ 6.0 ሚሊዮን ነው።

በተሻሻለው ዕቅድ ሲሰላ 107 በመቶ ይሆናል። በመጀመሪያው ሲሰላ ደግሞ ወደ 94 በመቶ ይወርዳል። የትኛው ይጻፍ? እኔ 107ቱን የጻፍኩት ዕቅዱ የተሻሻለው የሥራ ክልሌ ስለጠበበ፣ ለውጡም በጽሑፍ ስለተሰጠኝና ኮሚሽኔ የተሰላው በእርሱ ስለሆነ ነው። ግን ከአጠገቡ ዕቅዱ ከ6.4 ሚሊዮን ዝቅ ማለቱንና ምክንያቱን ጨመርኩ። ይህች አጭር ሐረግ ብዙ ሥራ ትሠራለች። ቀጣሪው የቀድሞ አለቃዬን ሲያነጋግር «ዕቅዱ እኮ በመካከል ተቀንሶለታል» የሚል ነገር ቢሰማ አስቀድሞ ያወቀው ነገር ይሆናል። ክልሌ ሳይቀየር፣ ገበያው ቀዘቀዘ ተብሎ የሁሉም ሰው ዕቅድ ዝቅ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ሁለቱንም መቶኛ ጎን ለጎን አስቀምጥ ነበር፤ ያኔ የተለወጠው ሥራው ሳይሆን መለኪያው ነውና።

መቶኛው ብቻውን ሌላም ጉድለት አለው። 107 በመቶ ጥሩ ይሁን መካከለኛ የሚታወቀው ሌሎቹ ያደረጉት ሲታወቅ ነው። ዕቅዱ ቀላል በሆነበት ቡድን ሁሉም ከ120 በላይ ሊያገኝ ይችላል፤ ከባድ በሆነበት ደግሞ 90 ያገኘው አንደኛ ሊወጣ ይችላል። በዕቅድ አፈጻጸም ከ9 የሽያጭ ባለሙያዎች ሦስተኛ ስለነበርኩ ያንን ጻፍኩ። «ከምርጦቹ አንዱ» የሚለው አገላለጽ ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም፤ «ከ9 ሦስተኛ» የሚለውን ግን ሪፖርቱን ያየ ሁሉ ያረጋግጠዋል። ዕቅዱ ያልተሳካለት ሰውም ይህን መንገድ ቢከተል ይጠቅመዋል። 88 በመቶ ሆኖ የቡድኑ አማካይ 80 ከሆነ፣ ሁለቱን አብሮ መጻፍ «ከፍተኛ ሽያጭ አስመዘገብኩ» ከሚል ቁጥር አልባ መስመር እጅግ ይሻላል። የሽያጭ ሲቪ ላይ የዕቅድ ቁጥር ሲጠፋ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እርሱን ነው።

አሁን ብዙ ጊዜ ተዛብቶ ወደሚቀርበው ቁጥር ልምጣ፤ የደንበኛ ቆይታ። ከ80ዎቹ ደንበኞች መካከል በዓመቱ 12 ለቀቁ፤ 68 ቀሩ። 15 አዲስ ስለመጡ በዓመቱ መጨረሻ 83 ደንበኞች ነበሩኝ። 83ን ለ80 አካፍሎ «ቆይታው ከ100 በመቶ በላይ ነው» የሚል ሲቪ አይቻለሁ። አዲስ የመጣ ደንበኛ የለቀቀውን አይተካም፤ ቆይታ የሚለካው በመነሻው የነበሩት ስንቱ እንደቀሩ ነው። ስለዚህ 68 ለ80፣ ማለትም 85 በመቶ ነው። የደንበኞች ቁጥር ቆይታ ከ100 በመቶ ካለፈ፣ አዲስ ደንበኞች ተቀላቅለውበታል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ መለኪያ አለ። ከ80ዎቹ ውላቸው በዚያ ዓመት የሚያበቃው 60 ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት 20 የሁለት ዓመት ውል መካከል ላይ ስለነበሩ መልቀቅ ቢፈልጉም ጊዜያቸው አልደረሰም። ከ60ዎቹ 48 አደሱ። የእድሳት መጠን 80 በመቶ ሲሆን፣ የደንበኛ ቆይታ ደግሞ 85 በመቶ መሆኑ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ሁለቱም ግን የሚመልሱት ጥያቄ ይለያያል። ሐቀኝነቱ የሚፈተነው ትልቁን ቁጥር ወስዶ ስሙን ሲያደበዝዙ ነው። እኔ «ከ80 ደንበኞች 68ቱ ቆዩ» ብዬ አካፋዩን ግልጽ አድርጌ ጻፍኩ፤ እድሳቱን በማስታወሻዬ ይዤ ለቃለ መጠይቅ አስቀመጥኩት። የደንበኞቹ ውል ሁሉ በአንድ ዓመት የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ይሆኑ ነበር።

85 በመቶም ቢሆን ከምን እንደተነሣ ካልታወቀ ትርጉሙ ያንሳል። ሥራውን ከመረከቤ በፊት በነበረው ዓመት፣ በዚያው ስሌት፣ የዚያው የደንበኛ ዝርዝር ቆይታ 78 በመቶ ነበር። «በዚያው ስሌት» የሚለው ቃል ዋናው ነው፤ የቀድሞው ቁጥር በእድሳት፣ የእኔው በቆይታ ቢሰላ ኖሮ ማነጻጸሩ ባዶ ይሆን ነበር። «ከ78 ወደ 85 አሳደግኩ» ከማለትም ተቆጥቤያለሁ። በዚያው ዓመት ድርጅቱ የጥገና ባለሙያዎችን ቁጥር ጨምሮ ስለነበር ብልሽት ሲነገር ቶሎ ይደረስ ጀምሮ ነበር፤ ደንበኛን ያቆየው የእኔ ጉብኝት ብቻ አይደለም። ያለፈውን ዓመት ቁጥር በቅንፍ አስቀመጥኩና ያደረግኩትን በአንድ ሐረግ ጻፍኩ፦ ውል ከማለቁ ከ90 ቀን በፊት ጉብኝት መጀመሬን። ምክንያቱን አንባቢው ይመዝን፤ ከጠየቀኝም የባለሙያዎቹን መጨመር እነግረዋለሁ።

የለቀቁት ደንበኞች ብዛትና ይዘውት የሄዱት ገንዘብ አንድ አይደለም። 12ቱ ከ80ዎቹ 15 በመቶ ናቸው፤ የውላቸው ዓመታዊ ዋጋ ግን 1.6 ሚሊዮን፣ ከ20 ሚሊዮኑ 8 በመቶ ብቻ ነው፤ አብዛኞቹ ትንንሽ ነበሩ። ከቆዩት መካከል አንዳንዶቹ ማሽን ቀንሰው ውላቸው በ0.4 ሚሊዮን ዝቅ አለ። እዚህ ድረስ ሲሰላ ከ20 ሚሊዮኑ የቀረው 18 ነው፤ 90 በመቶ። ከቆዩት ሌሎቹ ደግሞ 2.4 ሚሊዮን ጨመሩ፤ ይህ ሲገባ 20.4 ሚሊዮን፣ ማለትም 102 በመቶ ይሆናል። የመጀመሪያው ከጭማሪ በፊት ያለው የውል ዋጋ ቆይታ ነው፤ ከ100 ሊያልፍ አይችልም። ሁለተኛው ከጭማሪ ጋር ያለው ነው፤ ጥቂት ትላልቅ ደንበኞች ካደጉ ከ100 ያልፋል። 102ን ብቻ የሚጽፍ ሰው የለቀቁትን ከጭማሪው በስተጀርባ ሊሸሽግ ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱን አብሬ አስቀመጥኩ። በዚያ ዓመት የዋጋ ጭማሪ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ዋጋ በመጨመሩ ብቻ የመጣውን ለይቼ አወጣው ነበር፤ ያ የድርጅቱ ውሳኔ እንጂ የእኔ ሽያጭ አይደለምና።

መጨረሻ ላይ የተጻፉት አራት ነጥቦች እነዚህ ናቸው። ከላያቸው የሥራ መደቡና ዓመቱ ተጽፏል።

- 80 የመሥሪያ ቤት ደንበኞችን (የውሎች ዓመታዊ ዋጋ 20 ሚሊዮን) ተረክቤ ይዣለሁ፤ በዓመቱ መጨረሻ የውሎቹ ዓመታዊ ዋጋ አዲሶችን ጨምሮ 24 ሚሊዮን ነበር።
- የአዲስ ሽያጭና የጭማሪ ዕቅድ 5.6 ሚሊዮን፣ አፈጻጸም 6.0 ሚሊዮን (107 በመቶ)፤ ከ9 የሽያጭ ባለሙያዎች ሦስተኛ። ዕቅዱ የሽያጭ ክልል ሲቀነስ ከ6.4 ሚሊዮን ተሻሽሏል።
- 15 አዲስ ደንበኞችን አስፈርሜያለሁ፤ ዓመታዊ ዋጋ 3.6 ሚሊዮን፣ በጋራ ከተሸጠ አንድ ውል ግማሽ ድርሻዬን ጨምሮ።
- ከ80 ደንበኞች 68ቱ ቆይተዋል፤ 85 በመቶ (ያለፈው ዓመት በዚያው ስሌት 78)። የውል ዋጋ ቆይታ ከጭማሪ በፊት 90፣ ከጭማሪ ጋር 102 በመቶ። ውል ከማለቁ ከ90 ቀን በፊት የጉብኝት አሠራር ጀምሬያለሁ።

ቁጥሮቹን ያገኘሁት ከዓመታዊ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ፣ ከዕቅድ ደብዳቤዎቼና ከኮሚሽን መግለጫዎቼ ነው። የደንበኞችን ዝርዝር፣ የዋጋ ሠንጠረዥ ወይም ውል ግን አልወሰድኩም፤ እነዚህ የድርጅቱ ናቸው፤ ይዞ መውጣት በብዙ ቦታ በሕግ ያስጠይቃል። የደንበኛ ስምም አልጻፍኩም። የቅጥር ውሉ የገንዘብ ቁጥር ማውጣትን የሚከለክል ከሆነ መቶኛውን ብቻ ይዞ መሠረቱን ከዚህ እስከዚህ ብሎ መስጠት ይቻላል፤ ለምሳሌ «ከ75 እስከ 100 ደንበኞች»። ቁጥሩን በትክክል የማያስታውስ ሰውም «ወደ» ብሎ ቢጽፍ ያስከብረዋል፤ 94ን ወደ 95 ማስጠጋት ግን ከዚህ አይቆጠርም።

ሲቪውን ከመላኬ በፊት አራቱን ነጥቦች ለቀድሞ አለቃዬ ልኬ «ስለእኔ ቢጠየቁ እነዚህን ያረጋግጡልኛል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። የሰው ኃይል ክፍሎች በአብዛኛው የሚያረጋግጡት የሥራ መደብንና የቅጥር ዘመንን ብቻ ስለሆነ፣ የሽያጭ ቁጥር የሚመሰክረው የቅርብ አለቃ ነው። እርሳቸውም «ዕቅዱን፣ ደረጃህንና የደንበኛ ቆይታውን አውቃቸዋለሁ፤ ከጭማሪ በፊትና በኋላ ያለውን ግን ከሒሳብ ክፍል ሳላይ ቃል አልሰጥም» ብለው መለሱ። ቁጥሩን ከሲቪው አላወጣሁትም፤ ነገር ግን በምስክርነት ከሰጠኋቸው ሰዎች መካከል ያን የገንዘብ ስሌት የሚያውቁትን የሽያጭ ሪፖርት አዘጋጅም ጨመርኩ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ። ስም አስይዞ ሳያስፈቅዱ መስጠት ሰውን ማስጨነቅ ነው።

በቃለ መጠይቁ ላይ ረጅም ጊዜ የወሰደው የ107ቱ ጉዳይ አልነበረም፤ 12ቱ ደንበኞች ለምን ለቀቁ የሚለው ነበር። መልሱን በማስታወሻዬ ለይቼ ይዤ ስለነበር ሳልቸኩል ነገርኳቸው፦ 5ቱ ሥራቸውን ዘግተዋል ወይም ቢሯቸውን አጥፈዋል፤ 4ቱ በዋጋ ወደ ሌላ አቅራቢ ሄደዋል፤ 3ቱ ጥገናው ዘግይቶባቸው ተማርረዋል። ከ3ቱ አንዱን ማዳን ይቻል እንደነበር፣ ቅሬታው ከጥገና ክፍል ወደ ሽያጭ የሚደርስበት መንገድ እንዳልነበረም አስረዳሁ። ጠያቂው ቀጥለው ያነሡት ጥያቄ ያን መንገድ በእነርሱ ድርጅት እንዴት እንደምዘረጋው ነበር።